ሰማንያ ሰው ከየወረዳው ወደ ደብረ ማርቆስ አውደ ጥናት መጥራት፦ ከቀን መምረጥ እስከ መመዝገቢያው ጠረጴዛ

አውደ ጥናት መጥራት ለብዙዎቻችን ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ መላክ ነው። ደብዳቤው ይሄዳል። ሰው ግን አይመጣም። ወይም ይመጣል፣ የመጣው ግን የተጠራው አይደለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጥሪው ውስጥ ነው። አንድ የጥሪ ደብዳቤ ሁለት ሰዎችን ማሳመን አለበት፦ ፈርሞ የሚልከውን ኃላፊና ከቤቱ ሌሊት ተነስቶ መኪና የሚይዘውን ተሳታፊ። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ ደግሞ አንድ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። ርዕሱ የአፈር አሲዳማነትና የኖራ አጠቃቀም ነው፤ ለጎጃም ገበሬ ደግሞ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ አዳራሹ 80 ሰው ይይዛል። ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከምዕራብ ጎጃምና ከአዊ 16 ወረዳዎች ይጠራሉ። ከእያንዳንዱ ወረዳ አራት ሰው፦ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና ሁለት አርሶ አደሮች። ይህ 64 ነው። የቀሩት 16 ወንበሮች ለዞኖች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለተናጋሪዎች ናቸው።

ቀኑን መምረጥ

መጀመሪያ ሥራውን እዩ። የአፈር አሲድ የሚቀንሰው ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ በትኖ ለመጨረስም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ስለ ኖራ መሰብሰብ ለቀጣዩ ዓመት መሰብሰብ ነው። ጥር ወይም የካቲት ይሻላል።

ከዚያ ካላንደሩን ፊት ለፊት አስቀምጡ። 2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ረመዳን ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ከየካቲት 15 እስከ 17 ጾመ ነነዌ ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። የካቲት 23 ዓድዋ ነው፣ ቢሮ ዝግ። በጾም ወራት አውደ ጥናት አይደረግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ብዙ ነው። 6፡30 ላይ የቀረበ ምሳ እንዳለ ይመለሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። በረመዳንም የሚጾመው ሰው ውሎው ሌላ ነው። ማሳጠር ካልተቻለ ቀኑን ማዞር ይቀላል።

ስለዚህ ወደ ጥር እንመለስ። ጥምቀት ጥር 11 ማክሰኞ ይውላል፣ በማግስቱ ሚካኤል ነው። ጥር 21 ዓርብ አስተርእዮ ማርያም ናት። የሠርግ ወርም ነው፣ ሰው ሁሉ ሚዜ ወይ ሠርገኛ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማክሰኞ ጥር 25 ቀን ጥሩ ክፍተት ነው። ማክሰኞ የጾም ቀን አይደለም። ሩቅ ያለው ሰኞ ይገባል፣ ረቡዕ ይመለሳል፣ እሁዱ አይነካበትም። የቀረው የየወረዳውን የገበያ ቀን በስልክ መጠየቅ ነው። አርሶ አደር የገበያውን ቀን ለስብሰባ ሰውቶ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

የውጭ አገር ተናጋሪ ካለ ለእሱ ብቻ የሚላከው ጥሪ ላይ «Tuesday, 2 February 2027, 8:30 AM» ብላችሁ ጻፉ። ለሌላው ሁሉ «ጥር 25 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30»። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ደብዳቤ ላይ መደርደር ግራ ያጋባል። «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል ደግሞ በፍጹም አትዝለሏት። ባዶ 2፡30 ያየ እንግዳ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የምዝገባ መዝጊያውን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት

የመዝጊያ ቀን በዘፈቀደ አይመረጥም። ከመዝጊያው በኋላ የሚሠራውን ሥራ ቆጥራችሁ ወደ ኋላ ትመጣላችሁ። ለምሳ አቅራቢው ቁጥር መንገር፣ አልጋ መያዝ፣ አስተርጓሚ ማረጋገጥ፣ ያልተመዘገበውን ወረዳ ደውሎ መጠየቅ፣ የተረፈውን ወንበር ለሌላ መስጠት። ይህ ሁሉ አንድ የሥራ ሳምንት ይበላል። ስለዚህ መዝጊያው ሰኞ ጥር 17 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሁን።

ሰዓቱን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? «እስከ ጥር 17» ብቻ ካላችሁ አንዱ 17ን ጨምሮ ነው ይላል፣ ሌላው 17 ሲጠባ ተዘጋ ይላል። ሰኞ መሆኑም ሆን ተብሎ ነው። መዝጊያው ዓርብ ቢሆን ዓርብ ከሰዓት የተላከው የስም ዝርዝር ሰኞ ነው የሚታየው።

ደብዳቤው መቼ ይውጣ? በጥር መጀመሪያ ካላችሁ ገናና ጥምቀት መሀል ገብተው ሁለቱን ሳምንት ይውጧቸዋል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ማክሰኞ ታኅሣሥ 20 ደብዳቤው ከእጃችሁ ቢወጣ እስከ መዝጊያው 27 ቀን አለ። ብዙ ይመስላል። አይደለም። አንድ ደብዳቤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው መስክ ከሆነ ይጠብቀዋል። ሲመለስ ደብዳቤው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ለሰብል ልማት ቡድን፣ ይፈጸም» ብሎ ይመራዋል። ቡድን መሪው ለባለሙያው ይነግራል፣ ባለሙያው ለቀበሌው ይደውላል፣ ቀበሌው አርሶ አደሩን ያፈላልጋል። እያንዳንዷ እርምጃ ሁለትና ሦስት ቀን ትወስዳለች። የግብርና ጽሕፈት ቤቶቹ ተጠሪነት ለዞን ከሆነ ደግሞ ዞኑን በግልባጭ ሳይሆን በቅድሚያ አነጋግሩት። «ዞን ያውቀዋል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ይግባ

ኃላፊው ደብዳቤውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው ዓላማውን አይደለም። «ውሎ አበሉን ማን ይሸፍናል?» ይላል። መልሱ ደብዳቤው ላይ ከሌለ ደብዳቤው ይቀመጣል። እናንተ ከሸፈናችሁ ጻፉ፣ ካልሸፈናችሁም ጻፉ። ዝም ማለት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ተሳታፊው ይሸፈናል ብሎ ይመጣል፣ ጭቅጭቁም መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ይፈነዳል።

ሁለተኛው የተወካይ ነገር ነው። «አንድ ባለሙያ ላኩ» ካላችሁ በዚያ ቀን ሥራ የሌለው ሰው ይመጣል። ስለ አፈር ለማውራት የሰው ሀብት ሠራተኛ የሚላክበት ጊዜ አለ። የሥራ መደቡን በስም ጥሩ፣ ስለ ተወካይም አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። ናሙናው ይህን ይመስላል፦

> ቁጥር፦ ________
> ቀን፦ ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ዓ.ም.
>
> ለ________ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
>
> ጉዳዩ፦ በአውደ ጥናት ላይ አራት ተሳታፊ እንድትልኩልን ስለ መጠየቅ
>
> ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ኖራ አጠቃቀም የአንድ ቀን አውደ ጥናት ማክሰኞ ጥር 25 ቀን 2019 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ይካሄዳል።
>
> ከወረዳችሁ የአፈር ለምነት ወይም የሰብል ልማት ባለሙያ አንድ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አንድ፣ ማሳቸው በአሲድ የተጠቃ አርሶ አደሮች ሁለት (ቢያንስ አንዷ ሴት) እንድትልኩልን እንጠይቃለን። የተመደበው ሰው መምጣት ካልቻለ በዚያው ሙያ ያለ ሌላ ሰው ይተካ፤ ስሙም እስከ መዝጊያው ይገለጽልን።
>
> የተሳታፊዎች ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ስልክና የሚቀልላቸው ቋንቋ እስከ ሰኞ ጥር 17 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በስልክ ቁጥር ________ ወይም በቴሌግራም ይላክልን። ከዚህ ሰዓት በኋላ ያልተያዘ ወንበር ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።
>
> የመጓጓዣ፣ የአልጋና የውሎ አበል ወጪ በአዘጋጁ ይሸፈናል። ክፍያው በመታወቂያ ላይ ባለው ስም ስለሚፈጸም ተሳታፊዎች መታወቂያ ይዘው ይምጡ።
>
> መርሐ ግብሩና የቦታው አቅጣጫ በአባሪነት ተያይዟል።
>
> ከሠላምታ ጋር
>
> ግልባጭ፦ ለ________ ዞን ግብርና መምሪያ

ስም እስከ አያት ለምን? በስምና በአባት ስም የሚመሳሰል ሰው በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ሞልቷል። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ ስሙ በአንድ ፊደል ቢዛነፍ ሒሳብ ክፍሉ ይመልሰዋል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን አይደሉም።

መርሐ ግብሩ

መርሐ ግብር አንድ ገጽ ይብቃው። ጠዋት 2፡30 ምዝገባ፣ 3፡00 መክፈቻ፣ 3፡20 የመጀመሪያው ገለጻ፣ 4፡30 ሻይ፣ 5፡00 ሁለተኛው ገለጻ፣ 6፡30 ምሳ፣ 8፡00 የተግባር ሥራ፣ 9፡30 ውይይት በቡድን፣ 10፡45 መዝጊያ። መክፈቻው ላይ ሦስት ንግግር ካስገባችሁ 3፡20 የነበረው 4 ሰዓት ይሆናል። አንድ ተናጋሪ ይበቃል፣ ሌሎቹን መዝጊያው ላይ አድርጓቸው። የክብር እንግዳው ቢዘገይም ሳትጠብቁ የሚጀመር ነገር ይኑራችሁ።

መርሐ ግብሩ ላይ ተሳታፊው ይዞት የሚመጣው ነገር ካለ እዚያው ይጻፍ። በእኛ ምሳሌ ከሰዓት በኋላ አርሶ አደሩ የራሱን አፈር ይለካል፣ ስለዚህ አፈር ይዞ መምጣት አለበት። «የአፈር ናሙና ይዘው ይምጡ» ካላችሁ አንዱ ከደጁ አንድ እፍኝ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ጻፉት፦ ከአንድ ማሳ በዚግዛግ እየሄዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር ይውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ ይደባልቁት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህሉን በፌስታል ቋጥረው ስምና ቀበሌ የተጻፈበት ወረቀት ያስገቡበት። ከከብት በረት አጠገብ፣ ከድንበርና ከአመድ መድፊያ አይውሰዱ። አመድ ያለበት አፈር አሲዱ የቀነሰ መስሎ ይታያል። የአሲድነት መለኪያው pH ከ5.5 በታች ሆኖ፣ ማለትም አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ሲያየው አርሶ አደሩ ጠዋት የሰማው ገለጻ ያኔ ይገባዋል።

ቋንቋው

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጎጃም ነው፣ አማርኛ ነው፣ አለቀ ይላል። ግን ከባንጃ፣ ከአንከሻና ከጓጉሳ ሽኩዳድ የሚመጡት አርሶ አደሮች ቤታቸው አውንጊ ነው የሚናገሩት። በአዊ ዞን የሥራ ቋንቋውም አውንጊ ነው። አማርኛ ሰምተው ይረዳሉ፣ በሰማንያ ሰው ፊት እጅ አውጥተው ለመጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከውጭ የመጣው ተመራማሪ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚያቀርበው።

ጥሪው ላይ ሦስት ነገር ለይታችሁ ጻፉ፦ የሚነገረው በምን ቋንቋ ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚታየውና የሚታደለው ወረቀት በምን ቋንቋ ነው፣ ትርጉም ያለው በየትኛው ክፍል ነው። «ገለጻው በአማርኛ ይሰጣል። ሁለተኛው ገለጻ በእንግሊዝኛ ሆኖ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። የሚታደለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው። የቡድን ውይይቱ በአማርኛና በአውንጊ ይካሄዳል።» አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ። ኃላፊው ማንን እንደሚልክ፣ ተሳታፊው ምን እንደሚጠብቀው በዚህ ያውቃል።

ምዝገባው ላይ ደግሞ «አማርኛ ይችላሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም አዎ ይላል፣ አልችልም ማለት ያሳፍራል። «በየትኛው ቋንቋ ብንወያይ ይቀልዎታል?» በሉ። ያኔ እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ስድስት ወይም ስምንት ሰው አውንጊ ካለ አንድ የውይይት ቡድን ይሆናል፣ ቋንቋውን የሚችል አወያይ ከዞኑ መጠየቅ ነው። ለአዳራሹ ሁሉ ሦስት ቋንቋ ማፈራረቅ ግን አይመከርም፣ ማንም አይከታተልም።

እየቆመ የሚተረጎም ገለጻ ጊዜውን እጥፍ እንደሚበላም አስሉ። ለእንግሊዝኛው ገለጻ 40 ደቂቃ ከሰጣችሁ ተመራማሪው የራሱ ያለው 20 ደቂቃ ነው። ይህን ቀድማችሁ ንገሩት። አለዚያ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ይዞ ይመጣል፣ ምሳው ይገፋል። አስተርጓሚው የአፈር ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ቋንቋ የሚያውቅ ግን ኖራን ከስሚንቶ የማይለይ ሰው አርሶ አደሩን ያሳስተዋል። ጽሑፉ ከአምስት ቀን በፊት እጁ ይግባ።

አቅጣጫው

«ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ማቆም አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው ቡሬም ግቢ አለው። ከቡሬ ወረዳ የተጠራ ሰው በሠፈሩ ያለውን ቢያስብ አይፈረድበትም። ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ዋናው ግቢ፣ የትኛው በር፣ የትኛው ሕንጻ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የትኛው አዳራሽ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ ጥበቃው ጋ ስማቸው የሰፈረ ዝርዝር እንዳለ ጨምሩ፣ ዝርዝሩንም ከአንድ ቀን በፊት በእጅ አስረክቡ። በር ላይ ተከልክሎ የተመለሰ አርሶ አደር ሁለተኛ አይመጣም።

አቅጣጫውን ሰው ከሚመጣበት መንገድ ተነስታችሁ ጻፉ። ከባሕር ዳር መስመር፣ ማለትም ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከደምበጫ የሚመጣው በአንድ በኩል ይገባል። ከደጀን በኩል የሚመጣው፣ በደጀን ዞሮ የሚመጣውን የቢቸና ሰው ጨምሮ፣ በሌላ በኩል። ለሁለቱም የት መውረድ እንዳለባቸው ንገሯቸው። መናኸሪያ ሳይደርሱ መውረድ የሚሻል ከሆነ ለረዳቱ ምን ብለው እንደሚነግሩት ጻፉላቸው። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ የሚታይ ምልክት። «በስተ ሰሜን 400 ሜትር» ለማንም አይጠቅምም። ካርታ የምትልኩ ከሆነ የጽሑፉ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን፣ ዳታ የማይሠራበት ቀን አለ። ጽሑፉን ስትጨርሱ አዳራሹን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡትና ከመናኸሪያው ተነስቶ ይሂድ። ቆሞ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ዐረፍተ ነገር የጎደለበት ነው።

ለተሳታፊው የሚሄደው አጭር መልእክት

ደብዳቤው ለቢሮው ነው። አርሶ አደሩ ጋ የሚደርሰው በስልክ የሚላከው መልእክት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ገደብ አለ፦ በእኛ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ክፍተቱም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፋይም 67 ይይዛል። ሁለት ክፋይ 134 ማለት ነው። ከዚያ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ክፋዮቹን አገጣጥሞ ስለማያሳይ መሀሉ ይጠፋል።

> የአፈር አውደ ጥናት፦ ማክሰኞ ጥር 25 ጠዋት 2፡30፣ ደ/ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ። እስከ ጥር 17 ከቀኑ 11 ሰዓት ደውለው ይመዝገቡ፦ (ስልክ)። ቋንቋ፦ አማርኛና አውንጊ። አፈር ይዘው ይምጡ።

ስልክ ቁጥሩ ሲገባበትም ከ134 አያልፍም። መልእክቱን ለወረዳው ባለሙያም ላኩት፣ ማንበብ ለማይችለው እሱ ያነብለታል። የምዝገባው ስልክ የሚያነሳ ሰው ያለው ይሁን። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር። በቴሌግራም የመጣውም በስልክ የመጣውም እዚያው ደብተር ላይ ይገልበጥ፣ ካልሆነ አንዱ ሰው ሁለቴ ይቆጠራል።

ከመዝጊያው በኋላ

ማክሰኞ ጥር 18 ስም ያልላኩ ወረዳዎችን በስልክ ጥሩ። ደብዳቤው አልደረሰንም የሚል አይጠፋም። ከማስተባበል ይልቅ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩና እስከ ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት ጊዜ ስጡ። ያኔም ዝም ካሉ ወንበሩን ለሌላ ስጡ፣ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ሐሙስ ጥር 20 ለምሳ አቅራቢው የመጨረሻ ቁጥር ይነገራል። ዓርብ ማርያም ናት፣ ማንንም አታገኙም።

መንገዱን በተመለከተ የመወሰኛ ቀን አስቀድማችሁ ያዙ። እሁድ ጥር 23 ቀን ከሰዓት በኋላ ከየመስመሩ አንድ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፦ መኪና እየሄደ ነው? አንዱ መስመር ከተዘጋ ለዚያ መስመር ሰዎች ብቻ በዚያው ምሽት «አትነሱ» የሚል መልእክት ይሂድ። ሰኞ ሌሊት መናኸሪያ ከቆሙ በኋላ የሚደርስ መልእክት ዋጋ የለውም። መልእክት ብቻውን አይበቃም፣ ለየወረዳው ባለሙያ ደውሉ፣ እሱ ለሦስቱ ይደውላል። ቢበዛ አሥራ ስድስት ስልክ ነው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ማክሰኞ ጠዋት መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ስሞቹን በፊደል ተራ አትደርድሩ። ሰው የሚመጣው ከወረዳው ሰዎች ጋር ተያይዞ ነው። በወረዳ ለዩትና ለየመስመሩ አንድ ጠረጴዛ አድርጉ። አፈሩንም እዚያው ተቀበሉ፣ ፌስታሉ ላይ ስም መኖሩን ፊት ለፊቱ አይታችሁ። አራቱም የመጡለት ወረዳ በአንድ ጊዜ ይፈርማል፣ የጎደለውም ማን እንደሆነ ከጓደኞቹ ወዲያው ይሰማል።